ያው ቅባት፣ ሌላ ዓረፍተ ነገር፦ የቆዳ መንከባከቢያ ገጾች ከኦንላይን ገበያ ለምን ይነሳሉ?

በፒያሳ፣ በካዛንቺስና በሜክሲኮ ዙሪያ በትናንሽ ክፍሎች ተዘጋጅተው የሚሸጡ ሳሙናዎችና ቅባቶች ገበያቸው የሰፈሩ ደንበኛ ብቻ አይደለም። ጥቁር አዝሙድ፣ ሬት፣ ሽፈራውና የጉሎ ዘይት የገባባቸው ምርቶች በቴሌግራም ቻናልና በቲክቶክ ይተዋወቃሉ። አንዳንዶቹም ውጭ አገር ባሉ ዘመዶች በኩል ኤትሲንና አማዞንን በመሳሰሉ ገበያዎች ይወጣሉ። ከዚያ አንድ ቀን ገጹ «የሕክምና ጥቅም ስለሚናገር ተነሥቷል» የሚል አጭር መልእክት ይደርሳል።

ይህ ሲሆን በሻጮች መካከል የሚነገሩት ማብራሪያዎች ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው። አንደኛው ገበያው ምርቱን ሐሰተኛ አድርጎ ቆጥሮታል የሚል ሲሆን ሌላኛው ደግሞ አገር በቀል ዕውቀት ተንቋል የሚል ነው። ሁለቱም ትኩረታቸውን በቆርቆሮው ውስጥ ባለው ነገር ላይ ያደርጋሉ። በአብዛኛው ግን ገጹን ያስነሣው ከቆርቆሮው ውጭ ያለው ነገር ማለትም ስለ ቅባቱ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ነው። ቅባቱ ሳይለወጥ አንድ ቃል ብቻ ተቀይሮ ምርቱ ከውበት መጠበቂያነት ወደ መድኃኒትነት ሊሻገር ይችላል። ይህ ጽሑፍ ያ መሻገር የት ላይ እንደሚከሰት በአንድ የጥቁር አዝሙድ ቅባት ምሳሌ ያሳያል።

ቅባትን መድኃኒት የሚያደርገው ምንድን ነው?

ትልልቆቹ የኦንላይን ገበያዎች ደንባቸውን የሚቀዱት በዋናነት ከአሜሪካ ሕግ ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የምግብ፣ የመድኃኒትና የኮስሞቲክስ ሕግ ሁለቱን የሚለየው በታሰበላቸው አገልግሎት ነው። ኮስሞቲክስ የሚባለው ሰውነት ላይ የሚቀባ፣ የሚፈስ ወይም የሚረጭ ሆኖ ለማጽዳት፣ ለማሳመር ወይም መልክን ለመለወጥ የታሰበ ነገር ነው። መድኃኒት የሚባለው ደግሞ በሽታን ለመለየት፣ ለመፈወስ፣ ለማስታገስ፣ ለማከም ወይም ለመከላከል የታሰበ፣ እንዲሁም የሰውነትን አሠራር ለመለወጥ የታሰበ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ትልቁ ቃል «የታሰበ» የሚለው ነው። ሻጩ ምን እንዳሰበ የሚታወቀው ልቡ ተመርምሮ አይደለም። በመለያው ላይ የጻፈው፣ በማስታወቂያው የተናገረው፣ ገዢውም ከዚያ ተነሥቶ የሚጠብቀው ነገር ተደምሮ ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ወይም የገበያው ሠራተኛ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህን ገጽ ያነበበ ሰው ቅባቱን የሚገዛው ለምን ብሎ ነው? ቆዳው እንዲለሰልስ ከሆነ ምርቱ ኮስሞቲክስ ነው። ችፌው እንዲድንለት ከሆነ ግን በሕጉ ዓይን መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ሆኖም የመድኃኒትን መንገድ ሳያልፍ ለሽያጭ ቀርቧል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው አነጋገር በእንግሊዝኛው አጠራር «ሜዲካል ክሌም» ይባላል። እዚህ «የሕክምና ቃል» እንለዋለን፤ ምርቱ በሽታን እንደሚነካ ወይም የሰውነትን አሠራር እንደሚቀይር በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የሚናገር ማንኛውም ጽሑፍ፣ ሥዕል ወይም ድምፅ ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተልና ብዙዎችን የሚያስቆጣ ነጥብ አለ። የሕክምና ቃል እውነት መሆኑ ብቻውን ሻጩን አያድነውም። ቅባቱ በእርግጥ የአንድን ሰው ችፌ አሻሽሎ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ዓረፍተ ነገሩ የመድኃኒት ዓረፍተ ነገር ስለሆነ የመድኃኒት ማስረጃና ፈቃድ ይጠየቅበታል። ክርክሩ «ይሠራል ወይስ አይሠራም» ከሚለው ቀድሞ «በየትኛው በር ገባ» በሚለው ላይ ነው።

በአገራችንም መድኃኒትንና ኮስሞቲክስን የሚቆጣጠረው አንድ ተቋም፣ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ መሠረቱም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ስለዚህ ገጹ በአማርኛ ብቻ ቢጻፍና ገዢው አራት ኪሎ ቢኖርም በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር አይጠፋም።

በአማርኛ የሚያሳስቱ ቃላት

ብዙ ሻጮች ጥንቃቄ የሚያደርጉት «ይፈውሳል» እና «ያድናል» ከሚሉት ግሶች ብቻ ነው። አማርኛ ግን የሕክምና ቃል ለመናገር ግስ እንኳን አያስፈልገውም። «ለ» የምትለዋ አንዲት ፊደል ትበቃለች። «የጥቁር አዝሙድ ቅባት፣ ለችፌ፣ ለጭርት፣ ለቡግር» የሚለው ጽሑፍ ውስጥ አንድም ግስ የለም፤ ነገር ግን ሦስት በሽታዎችን ጠርቶ ቅባቱን የሦስቱም ማከሚያ አድርጎታል። ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎምም ትርጉሙ አይለዝብም።

ሁለተኛው አሳሳች ቃል «መድኃኒት» ራሱ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግራችን መድኃኒት ሰፊ ቃል ነው፤ የአይጥ መድኃኒት እንላለን፣ ቤት ውስጥ ተቀምሞ የሚቀባውንም «የፊት መድኃኒት» እንለዋለን። ሰፈር ውስጥ ይህ ማንንም አያሳስትም። ውጭ ያለው ዘመድ ገጹን ቃል በቃል ሲተረጉመው ግን ቅባቱ ከነስሙ መድኃኒት ሆኖ ይመዘገባል። የሱቁ ስም ውስጥ «ፈውስ» ወይም «መድኃኒት» ካለም ችግሩ ከእያንዳንዱ ምርት ገጽ በላይ ይሄዳል፤ ሁሉንም ገጾች ያጠላባቸዋል።

ሦስተኛው ማለዘቢያ ቃላት ላይ ያለው እምነት ነው። «ይረዳል»፣ «ሊያግዝ ይችላል»፣ «ብዙዎች እንደሚሉት» የሚሉት አገላለጾች ዓረፍተ ነገሩን ትሑት ያደርጉታል እንጂ ጎራውን አይለውጡም። «ችፌን ለማዳን ይረዳል» የሚለው ዞሮ ዞሮ ስለ ችፌ መዳን ይናገራል።

ከዚህ በተለየ፣ የሕመም ስም ሳይጠራ የሚያልፍ ስስ ቦታ አለ። «ማሳከክን ያስቆማል» ስም ባይጠራም የሕመም ምልክትን ስለሚያስታግስ የሕክምና ቃል ነው። «ኮላጅን እንዲመረት ያደርጋል» ወይም «የሕዋስ እድሳትን ያፋጥናል» በሽታን አያነሡም፤ ነገር ግን የሰውነትን አሠራር እንለውጣለን ይላሉ፤ ስለዚህ በመድኃኒት ትርጉም ሁለተኛ ክፍል ይወድቃሉ። «የስስ መስመሮችን ገጽታ ይቀንሳል» የሚለው ግን ስለ መልክ ብቻ ስለሚናገር በኮስሞቲክስ ወገን ይቆያል። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ በእርግጥ ግን አንዱ ከቆዳው ሥር ስለሚሆነው፣ ሌላው መስታወት ላይ ስለሚታየው ነው የሚናገረው።

አንድ ገጽ ከላይ እስከ ታች

የሚከተለውን ምሳሌ እንውሰድ። ምርቱ 60 ግራም የሚይዝ የቆርቆሮ ቅባት ነው። ውስጡ 36 ግራም የሱፍ ዘይት፣ 15 ግራም የንብ ሰምና 9 ግራም የጥቁር አዝሙድ ዘይት አለ። ውሃ የለበትም። ገጹ ሲነሣ የነበረው መግለጫ እንዲህ ይላል እንበል፦

«ችፌን፣ ጭርትንና ቡግርን የሚያጠፋ መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ የጥቁር አዝሙድ ቅባት። ጥቁር አዝሙድ ባክቴሪያንና ፈንገስን እንደሚገድል ይታወቃል። የተቆጣ ቆዳን ያስታግሳል፤ አዲስ ቆዳ እንዲተካ ያደርጋል። እናቶቻችን ለዘመናት የተፈወሱበት። በ2 ሳምንት ለውጡን ያያሉ። ምንም የጎንዮሽ ጉዳት የለውም።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ችግር ግልጽ ነው፤ ሦስት በሽታዎችን ይጠራል። ሊታረም የሚችለውም «ያጠፋል» የሚለውን በመቀየር አይደለም። ሦስቱም ስሞች መውጣት አለባቸው፤ ምክንያቱም የትኛውም ግስ ከአጠገባቸው ቢቆም ገዢው የሚያነበው በሽታውን ነው።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይበልጥ ያታልላል። ስለ ቅባቱ ሳይሆን ስለ ጥቁር አዝሙድ የሚናገር አጠቃላይ ዕውቀት ይመስላል። ነገር ግን ይህ ዕውቀት የተቀመጠው የሽያጭ ገጽ ላይ ነው፤ አንባቢው ከዘሩ ወደ ቆርቆሮው ለመሻገር አንድ እርምጃ ብቻ ይበቃዋል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ በምኅጻሩ ኤፍዲኤ፣ ለሻጮች በሚጽፋቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች ስለ አንድ ግብዓት ብቻ የተነገሩ ዓረፍተ ነገሮችን ምርቱ የታሰበለትን አገልግሎት እንደሚያሳዩ ማስረጃዎች አድርጎ ይጠቅሳል። «ፀረ ባክቴሪያ» የሚለው ቃል በተለይ ከባድ ነው። ያው መሥሪያ ቤት በ2016 እ.ኤ.አ. ትራይክሎሳንን ጨምሮ 19 ግብዓቶች ያሉባቸው የፀረ ባክቴሪያ መታጠቢያ ሳሙናዎች ለተጠቃሚ እንዳይሸጡ የከለከለው፣ አምራቾቹ ከተራ ሳሙናና ውሃ እንደሚበልጡ ባለማሳየታቸው ነበር። ትልልቅ ፋብሪካዎች ማስረጃ ያላቀረቡበትን ቃል አንድ ትንሽ አምራች ይዞ ሲወጣ ዓይን መሳቡ አይቀርም።

«እናቶቻችን ለዘመናት የተፈወሱበት» የሚለው ብዙ ሻጮች ሊተዉት የማይፈልጉት ነው፤ ስሜቱም ይገባል። ባህሉን መተው ግን አያስፈልግም። የሚወጣው «የተፈወሱበት» የሚለው ብቻ ነው። «ጥቁር አዝሙድ በኢትዮጵያ ቤቶች በበርበሬና በዳቦ ቅመምነት የሚታወቅ ዘር ነው» ቢባል ታሪኩ ይቀራል፣ የሕክምና ቃሉ ይሄዳል።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ይበልጥ ገዢን የሚጎዳ ነው። የጥቁር አዝሙድ ዘይት በአንዳንድ ሰዎች ቆዳ ላይ የአለርጂ ቁጣ እንዳስከተለ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። «ምንም ጉዳት የለውም» የተባለ ሰው ቆዳው ሲቀላ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ብሎ መቀባቱን ሊቀጥል ይችላል። «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» የሚለውም ከዚህ ጋር ተዛምዶ ሲቀርብ ደኅንነትን የሚያረጋግጥ ይመስላል፤ አለርጂ ግን ተፈጥሯዊውን ከሰው ሠራሹ አይለይም።

የታረመው መግለጫ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የጥቁር አዝሙድ ዘይትና የንብ ሰም ያለበት የእጅና የሰውነት ቅባት፣ 60 ግራም። ደረቅና ሻካራ የሚመስል ቆዳን ያለሰልሳል፤ ቆዳው ላይ ስስ የሰም ሽፋን ትቶ ልስላሴው እንዲቆይ ያደርጋል። ሽታው የጥቁር አዝሙድ ነው፤ ሽቶ አልተጨመረበትም። ቀለሙ ቡናማ ቢጫ ነው። ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ገና ርጥብ እያለ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል መጠን በጣትዎ አሙቀው ይቀቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀሙ በክንድዎ የውስጥ ክፍል ጥቂት ቀብተው 24 ሰዓት ይጠብቁ፤ መቅላት ወይም ማሳከክ ካዩ አይጠቀሙ። በቆሰለ ቆዳ ላይ አይቀባም።»

ይህ መግለጫ ከፊተኛው ረዘም ይላል፤ የሚሸጠውም ያነሰ አይደለም። የፊተኛው ገዢውን «ምን ይደርስልኛል?» በሚለው ተስፋ ብቻ ይዞት ነበር። አዲሱ ግን እጁ ላይ ሲያወጣው ምን እንደሚሸት፣ ምን ያህል እንደሚወስድ፣ እንዴት እንደሚቀባ ይነግረዋል። የሕክምና ቃል ሲወጣ የሚተወው ባዶ ቦታ በእንዲህ ያለ ዝርዝር ካልተሞላ ገጹ ደርቆ ይቀራል፤ ሻጩም ወደ አሮጌው ቃል ይመለሳል። ለምሳሌ በአንድ ጊዜ ግማሽ ግራም ያህል ቢወሰድና በቀን ሁለት ጊዜ እጅ ቢቀባ 60 ግራም ለ60 ቀን ይበቃል። ይህን ማንም ሻጭ በኩሽና ሚዛን አስልቶ ሊጽፈው ይችላል፤ ገዢም ዋጋውን የሚመዝነው በዚህ ነው። ውሃ የሌለበት መሆኑም ተራ መረጃ አይደለም። ውሃ የሌለበት ቅባት በቀላሉ ሻጋታ አያበቅልም፤ እርጥብ ጣት ደጋግሞ ከገባበት ግን ይህ ጥቅሙ ይጠፋል። ስለዚህ «በደረቅ ጣት ያውጡ» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ይገባዋል። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ቢሆንም ከዘይት ጋር ሲደባለቅ ቅባቱ ከዚያ በታች መለስለስ ይጀምራል፤ በሙቀት የተጓዘ ቆርቆሮ ለስልሶ ቢደርስ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ተመልሶ እንደሚጠነክር ቀድሞ መጻፍ ቅሬታን ያስቀራል።

የግብዓት ዝርዝሩም በክብደት ቅደም ተከተል፣ ከብዙ ወደ ጥቂት ይጻፋል። በምሳሌው ቅባት እንዲህ ይሆናል፦

```
Helianthus Annuus (Sunflower) Seed Oil, Beeswax,
Nigella Sativa Seed Oil
```

ከዚህ ዝርዝር እንደሚታየው ጥቁር አዝሙዱ በመጨረሻ ነው የመጣው፤ ከቅባቱ 15 በመቶ ብቻ ነው። ርዕሱ «የጥቁር አዝሙድ ቅባት» ከሚል «የጥቁር አዝሙድ ዘይት ያለበት ቅባት» ቢል ይበልጥ ሐቀኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቃሉ የሚደበቅባቸው ቦታዎች

መግለጫውን አርመው ገጹ በድጋሚ የሚነሣባቸው ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ታጉን ነው። ታግ ማለት ገዢው በሚፈልግበት ጊዜ ምርቱ እንዲገኝ ከጀርባ የሚገባ የፍለጋ ቃል ነው። ኤትሲ ለአንድ ምርት 13 ታግ ይፈቅዳል። ሻጩ መግለጫውን በጥንቃቄ ጽፎ ከታጎቹ አንዱን `eczema balm` ካደረገው፣ መግለጫው የሸሸውን ቃል ታጉ ተናግሮታል። ሻጩ ራሱ ቅባቱን ለማን እንዳሰበው ያሳያልና ለገበያውም ሆነ ለተቆጣጣሪ ግልጽ ማስረጃ ነው። በእሱ ምትክ `dry skin balm`፣ `beeswax hand balm` የሚሉት ቅባቱ በእርግጥ የሆነውን ይናገራሉ። `unscented balm` የሚለው ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ጥቁር አዝሙድ የራሱ ሽታ ስላለው ሽታ የለውም ማለት ሌላ ስሕተት ይሆናል። ስለዚህ እሱም ይወጣል።

ሁለተኛው ቦታ ፎቶ ነው። በቆርቆሮው ላይ የተለጠፈው ስቲከር «ለችፌ» የሚል ከሆነ መግለጫው ቢታረምም ፎቶው ይናገራል። ከመቀባቱ በፊትና በኋላ ተብለው የሚቀርቡ ጥንድ ፎቶዎች ደግሞ ያለ ቃል የሕክምና ቃል ይናገራሉ፤ በግራ ሽፍታ ያለበት ክንድ፣ በቀኝ የጠራ ክንድ ካለ ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም። የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ በማስታወቂያ ላይ የዚህ ዓይነት ፎቶዎችንና ተመልካቹ ሕመም እንዳለበት የሚገምቱ አነጋገሮችን ይገድባል። «ቡግር አስቸግሮዎታል?» የሚለው ጥያቄ ብዙዎች ዘንድ ጨዋ አቀራረብ ቢመስልም የሚያሰናክለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የደንበኛ አስተያየት ነው። ገዢ «የልጄን ችፌ አዳነልኝ» ብሎ ከጻፈ ያ የእሱ ቃል ነው። ሻጩ ያን አስተያየት ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ቻናሉ ሲለጥፈው፣ በገጹ አናት ሲያስቀምጠው ወይም «አዎ፣ ይሠራል» ብሎ ሲመልስ ግን የሻጩ ቃል ይሆናል። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በሻጩ የተጋሩ ምስክርነቶችንና ሃሽታጎችን በማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎቹ ሲጠቅስ ታይቷል። የተሻለው መልስ አጭር ነው፦ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። ቅባታችን ለደረቅ ቆዳ ማለስለሻ የተዘጋጀ ነው፤ ስለ ቆዳ ሕመም እባክዎ ሐኪም ያማክሩ።»

በግል መልእክት የሚመጣውም ተመሳሳይ ነው። «ልጄ ችፌ አለባት፣ ይሆናታል ወይ?» ብላ የምትጠይቅ እናት መልስ ይገባታል። «እህቴ፣ ይሄ የማለስለሻ ቅባት ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። ለልጅሽ መጀመሪያ ሐኪም ይያት፤ እሱ ማለስለሻ ቅባት ተጠቀሚ ካለሽ ግብዓቶቹን አሳዪው» ማለት ሽያጩን ሊያዘገየው ይችላል። ነገር ግን ጭርት በችፌ ስም፣ ችፌም በጭርት ስም ሲቀባ የሚጠፋው ጊዜ በልጅቷ ቆዳ ላይ ነው የሚታየው።

የማይሠሩ መከላከያዎች

ብዙ ገጾች ግርጌ ላይ «ይህ መግለጫ በኤፍዲኤ አልተገመገመም፤ ምርቱ በሽታን ለማከም የታሰበ አይደለም» የሚል መስመር ይታያል። ይህ ዓረፍተ ነገር የመጣው በ1994 እ.ኤ.አ. ከወጣው የአሜሪካ የምግብ ማሟያዎች ሕግ ነው፤ ለሚዋጡ ማሟያዎች እንጂ ለሚቀባ ቅባት የተሰጠ መጠለያ አይደለም። ከዚህም በላይ ከላይ «ችፌን ያጠፋል» ብሎ ከታች «ለማከም አይደለም» ማለት እርስ በርሱ ይጋጫል፤ የሚታመነውም የላይኛው ነው። «በኤፍዲኤ የተፈቀደ» ብሎ መጻፍ ደግሞ የባሰ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከቀለም ማቅለሚያዎች በስተቀር ኮስሞቲክስን ለገበያ ከመውጣታቸው በፊት አያጸድቅም፤ ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት ነው።

ሌሎች ፊደል በመሰባበር፣ ኮከብ ምልክት በማስገባት ወይም የበሽታውን ስም በአማርኛ ብቻ በመጻፍ ያልፋሉ። የመጀመሪያውን የቃላት ማጣሪያ ለጥቂት ጊዜ ሊያልፍ ይችላል። ማጣሪያው ግን ብቸኛው ተቆጣጣሪ አይደለም፤ ተፎካካሪ ሻጭና ቅር የተሰኘ ገዢ ጥቆማ ይሰጣሉ፣ ጥቆማውን የሚያየውም ሰው ነው። ሆን ተብሎ የተደበቀ ቃል ሲገኝ «አላወቅሁም» ለማለት ቦታ አይተውም።

«ቆዳን ያነጣል» ስለሚለው

ይህ ለብቻው መነሣት ያለበት የቃሉ አደጋ ከምርቱ አደጋ ጋር ስለሚገናኝ ነው። «ያነጣል»፣ «ማድያትን ያጠፋል» የሚሉ ክሬሞች የቆዳን ቀለም የሚሠራውን ሂደት እንለውጣለን ማለታቸው ስለሆነ የሕክምና ቃል ናቸው። በዚህ ስም በሚሸጡ ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪና ሃይድሮኩዊኖን በተደጋጋሚ መገኘታቸው ገበያዎቹን ይበልጥ ጥብቅ አድርጓቸዋል። በአሜሪካ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሃይድሮኩዊኖን ያለበት ክሬም ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሕጋዊ መንገድ አይሸጥም። አንዳቸውም የሌሉበት የሬት ጄል የሚሸጥ ሰው «ያነጣል» ብሎ ቢጽፍ ሳያስፈልገው ከእነሱ ጋር ይቆጠራል። «ፊትን ወዛም ያደርጋል» ማለት ይችላል፤ ጄሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ተቃራኒው ክርክር ምን ያህል ይሄዳል?

ይህ አሠራር የባህል ዕውቀትን የሚያፍን ነው የሚለው ክርክር መሠረት አለው። ለመድኃኒት የሚጠየቀው ጥናትና ምዝገባ በካዛንቺስ አንዲት ክፍል ውስጥ በወር ጥቂት መቶ ቆርቆሮ ለሚያዘጋጅ ሰው የሚደረስበት አይደለም። ዕውቀቱ ያላቸው ዝም እንዲሉ፣ ገንዘቡ ያላቸው እንዲናገሩ ያደርጋል። ገበያዎቹም አንዳንድ ጊዜ ያበዛሉ፤ ማጣሪያቸው ቃሉን እንጂ አገባቡን ስለማያይ «ይህ ቅባት ለችፌ ሕክምና አይደለም» የሚል ማሳሰቢያ ራሱ ገጹን ሊያስነሣው ይችላል። በታረመው መግለጫ ውስጥ የበሽታ ስም በማሳሰቢያ መልክ እንኳን ያልገባው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ደንቡ የሚከለክለው ዕውቀቱን አይደለም። ስለ ጥቁር አዝሙድ ማጥናት፣ መጻፍና ማስተማር ክፍት ነው። የተከለከለው ያልተጠና የሕክምና ተስፋን ከዋጋ ጋር አያይዞ፣ ሻጩን አግኝቶ ሊጠይቀው ለማይችል ሰው መሸጥ ነው። በሰፈር የሚቀምም አዋቂ የታማሚውን ቆዳ አይቶ ነው የሚሰጠው፤ ካልሠራም ታማሚው ተመልሶ ያገኘዋል። የሽያጭ ገጽ ይህን ሁለቱንም የለውም። በዚህ ምክንያት ደንቡ በአፈጻጸም ቢጎረብጥም በመሠረቱ ትክክል ነው ብለን እናምናለን።

ገጹ ከተነሣ በኋላ

ያንኑ ጽሑፍ በአዲስ ገጽ መልሶ መለጠፍ የመጀመሪያው ስሕተት ነው። አንድ ጥሰት ሁለት ይሆናል፤ ጥሰት ሲደጋገምም ከገጽ መነሣት ወደ ሱቅ መዘጋት ይሄዳል። የሚሻለው የሌሎቹን ምርቶች ገጾች ቀድሞ መመርመር ነው፤ አንድ ሰው የጻፋቸው ገጾች አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ቃል ይደጋግማሉ፣ ገበያውም አንዱን ካየ በኋላ ሌሎቹን ሊያይ ይችላል።

እርማቱ የሚጀመረው ከስቲከሩ ነው። ብዙ ሻጮች በተቃራኒው ከመግለጫው ይጀምራሉ፤ ስቲከሩ ቀድሞ በብዛት የታተመ ስለሆነ መጣሉ ያሳሳል። በፎቶው ላይ ያለውን ቃል በስልክ አደብዝዞ መለጠፍም የተለመደ ነው። ገዢው እጅ የሚደርሰው ግን ያልደበዘዘው ቆርቆሮ ነው፤ ሕጉ ቀድሞ የሚያየውም መለያውን ነው። ስለዚህ ስቲከሩ በአዲስ ይታተማል፤ የምርቱ ስም፣ የተጣራ ክብደት፣ ግብዓት፣ አጠቃቀም፣ ማስጠንቀቂያና የአምራቹ አድራሻ ብቻ ይይዛል። ከዚያ ፎቶው እንደገና ይነሣል፤ ቀጥሎ ርዕሱ፣ መግለጫውና ታጎቹ ይታረማሉ፤ በመጨረሻም ከገጹ ጋር የተገናኙት የቴሌግራምና የቲክቶክ ልጥፎች ይጸዳሉ። ለገበያው ይግባኝ የሚጻፈው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሲሆን፣ በይግባኙም ስለ ቅባቱ ጥሩነት መከራከር አይጠቅምም፤ የትኛው ቃል ከየት እንደወጣ መዘርዘር ይበቃል። አዲሱ ስቲከር በመጀመሪያ በ50 ፍሬ ቢታተም ጥሩ ነው፤ ገጹ ጸድቶ ለጥቂት ሳምንታት ከቆየ በኋላ የቀረውን ማሳተም ይቻላል።